ከአርባው ውስጥ አሥራ አምስቱ፦ የመቶኛ መቶኛ አሰላልና አነባበብ

የበጀት ሰነዶችን ለሚያዘጋጁና ለሚያነቡ ሰዎች በቃል የቀረበ፣ በኋላም በጽሑፍ የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራንና ክቡራት፣

ንግግሬን በአንድ ዓረፍተ ነገር እጀምራለሁ። «ከድርጅቱ በጀት 40 በመቶው ለሥራ ማስኬጃ የተመደበ ሲሆን፣ 15 በመቶው ለሠራተኞች ሥልጠና ይውላል።» ከዓመታት በፊት ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር የያዘ አንድ ረቂቅ እጄ ገብቶ ነበር። ረቂቁን የተመለከትነው ሦስት ሰዎች ስንሆን፣ ለሥልጠና የተያዘው ገንዘብ ስንት እንደሆነ በየግላችን ስናሰላ ሁለታችን አንድ ዓይነት መልስ አገኘን፤ ሦስተኛው ባልደረባችን ግን የእኛን ሁለት እጥፍ ከግማሽ የሚሆን ገንዘብ ይዞ መጣ። ወረቀቶቻችንን አቀያይረን ብንመረምር ማባዛትም ሆነ ማካፈል የተሳሳተ ሰው አላገኘንም። የተለያየነው ቁጥሩን ከመንካታችን በፊት፣ ዓረፍተ ነገሩን ባነበብንበት ቦታ ላይ ነበር። ዛሬ የምናገረው በዚያ ቦታ ላይ ስለሚሆነው ነገር ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት እንዲያመች፣ ጠቅላላው በጀት 2,400,000 ነው እንበል። የገንዘቡ ዓይነት በስሌቱ ላይ ለውጥ ስለማያመጣ ስሙን አልጠራም። «በመቶ» ማለት አንድን ሙሉ ነገር ወደ መቶ እኩል ክፍሎች ከፍለን ከክፍሎቹ የተወሰኑትን መቁጠር ማለት ነው፤ ከላቲን የመጣው «ፐርሰንት» የሚለው ቃልም የሚናገረው ይህንኑ ነው። እንግዲያው የመጀመሪያው ጥያቄ ከመቶዎቹ ክፍሎች አንዱ ስንት ይሆናል የሚለው ነው። 2,400,000ን ለ100 ስናካፍል 24,000 እናገኛለን። ስለዚህ በዚህ በጀት አንድ በመቶ 24,000 ነው፤ 40 በመቶውም አርባ ጊዜ 24,000፣ ማለትም 960,000 ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ሦስታችንም ተስማምተን ነበር።

አሁን የ15 በመቶው ተራ ነው። ሥልጠናው የሥራ ማስኬጃው አካል ከሆነ፣ ለመቶ የምንከፍለው አዲስ ሙሉ ነገር አለን፤ እርሱም 960,000 ነው። ይህን ለ100 ስናካፍለው አንድ በመቶው 9,600 ይሆናል፤ አሥራ አምስት ጊዜ 9,600 ደግሞ 144,000 ነው። እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆም እፈልጋለሁ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ በጥቂት ቃላት ርቀት ላይ የተጻፈው «በመቶ» የሚለው ቃል መጀመሪያ 24,000ን፣ ቀጥሎ 9,600ን ለካ። ቃሉ አንድ ነው፤ መለኪያው ግን ተቀይሯል። መቶኛው የተወሰደበትን ሙሉ መጠን በዚህ ንግግር «መነሻ» እያልኩ እጠራዋለሁ፤ በመቶኛ መቶኛ ስሌት የሚያስቸግረው ይህ መነሻ ሳይታወቅ ከትልቁ ወደ ትንሹ መዛወሩ ነው።

144,000 ከጠቅላላው በጀት ስንት በመቶ እንደሆነ ለማወቅ ወደ መጀመሪያው መለኪያ እንመለሳለን። 144,000ን ለ24,000 ስናካፍል 6 ይወጣል። ስለዚህ የ40 በመቶ 15 በመቶ፣ ከሙሉው 6 በመቶ ነው። ገንዘቡን ሳንጠራም እዚህ መድረስ እንችላለን፤ 15ን በ40 አባዝተን ለ100 ብናካፍል ውጤቱ ያው 6 ነው።

ለ100 የምናካፍለው ለምንድን ነው የሚል ሰው ይኖራል። ሁለቱ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን «ለመቶ ይካፈል» ተሸክመው ስለሚመጡ ነው። 15 በመቶ 15 ሲካፈል ለ100 ነው፤ 40 በመቶም 40 ሲካፈል ለ100 ነው። ሲባዙ 600 ሲካፈል ለ10,000 ይሆናሉ። ውጤቱን እንደገና በመቶኛ ቋንቋ ለመናገር ስንፈልግ ከሁለቱ መቶዎች ለአንዱ እናካፍላለን፣ ሌላውን ደግሞ «በመቶ» በሚለው ቃል ውስጥ እናስቀምጠዋለን። በዚህ ምክንያት 6 በመቶ ይሆናል እንጂ 600 በመቶ አይሆንም።

በሥዕል ማየት ለሚቀለው ሰው ደግሞ ጎን ለጎን አሥር፣ ወደ ታች አሥር፣ በጠቅላላው መቶ ትናንሽ ቤቶች ያሉት አንድ ካሬ ያስብ። እያንዳንዱ ቤት ከሙሉው በጀት አንድ በመቶ ነው። ከግራ ጀምሮ አራት ዓምዶችን ብናጠቁር 40 ቤቶች ጠቆሩ ማለት ነው። አሁን ከጠቆሩት ብቻ 15 በመቶውን እንውሰድ። የ40 ቤቶች አሥር በመቶ 4 ቤት ነው፤ አምስት በመቶው የዚያ ግማሽ፣ 2 ቤት ነው፤ አንድ ላይ 6 ቤት ይሆናሉ። ከመቶው ቤቶች ስድስቱ ተወሰዱ። በቃል ለማስላት ለሚፈልግ ሰውም ከዚህ የሚቀል መንገድ አላውቅም።

በዚህ ስሌት ላይ ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው 15ን በ40 ላይ ደምሮ 55 በመቶ ማለት ነው። ይህ ስሕተት ራሱን ያጋልጣል፤ የአንድ ክፍል ክፍል ከክፍሉ ሊበልጥ አይችልምና፣ ከ40 የሚበልጥ መልስ ያየ ሰው ሌላ ሳይመረምር ሊጥለው ይችላል። ሁለተኛው ግን ተደብቆ ያልፋል። ሰውየው 0.15ን በ0.40 በትክክል አባዝቶ 0.06 ያገኝና፣ ሪፖርቱ ላይ «0.06 በመቶ» ብሎ ይጽፋል። 0.06 የአንዱ ሙሉ ስድስት መቶኛ ነው፤ «በመቶ» የሚለውን ቃል ሲጨምርበት አንድ ጊዜ የተካፈለውን ደግሞ ለመቶ አካፈለው። በእኛ በጀት 0.06 በመቶ 1,440 ብቻ ነው፤ እውነተኛው ገንዘብ ግን 144,000 ነው። የመልሱ ትንሽነት ሊያጋልጠው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን የመቶኛ መቶኛ ትንሽ እንደሚሆን ሁላችንም ስለምንጠብቅ፣ መቶ እጥፍ ያነሰውም ያልፈናል። በገንዘብ አስልቶ ማስተያየት የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው።

ወደ ሦስተኛው ባልደረባችን ልመለስ። እርሱ ያነበበው 15 በመቶውን ከጠቅላላው በጀት ላይ እንደተወሰደ አድርጎ ነበር፤ አሥራ አምስት ጊዜ 24,000፣ 360,000 ይሆናል። የእኛ 144,000 ነበር። 360,000ን ለ144,000 ብናካፍል 2.5 እናገኛለን። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ከ15 አይደለም። ሁለቱ መለኪያዎች፣ 24,000 እና 9,600፣ እርስ በርስ ያላቸው ንጽጽር ነው፤ ያም 100 ሲካፈል ለ40 ነው። የሥልጠናው ድርሻ 15 በመቶ ሳይሆን 3 በመቶ ወይም 70 በመቶ ቢሆን ኖሮም፣ መነሻውን የሳተ ሰው የሚያገኘው ገንዘብ የትክክለኛው ሁለት እጥፍ ከግማሽ ይሆን ነበር። ክፍሉ እያነሰ በሄደ መጠንም የስሕተቱ እጥፍ ያድጋል፤ ሥራ ማስኬጃው የበጀቱ 10 በመቶ ብቻ ቢሆን ስሕተቱ አሥር እጥፍ ይሆናል። ይህን ማወቅ ሥራ ላይ ይጠቅማል። ሁለት ሰነዶች ስለ አንድ ወጪ የተለያየ ገንዘብ ሲናገሩ፣ አንዱን ለሌላው ማካፈል ነው፤ ውጤቱ 2.5 ከሆነና በሰነዱ ውስጥ 40 በመቶ የሆነ ክፍል ካለ፣ ምናልባት ልዩነቱ የተፈጠረው አንዱ ከክፍሉ፣ ሌላው ከሙሉው ስለወሰደ ነው።

ታዲያ ዓረፍተ ነገሩን ትክክል ያነበበው ማን ነበር? እውነቱን ለመናገር ዓረፍተ ነገሩ ራሱ አይነግረንም። በአማርኛ «15 በመቶው» ስንል መጨረሻ ላይ የምትመጣው «ው» የታወቀ ነገርን ታመለክታለች፤ የታወቀው ነገር በጀቱ ይሁን ሥራ ማስኬጃው ግን አትለይም። «ሲሆን» የሚለውም ቃል ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ውስጥም ሊያስገባ ይችላል። «ከዚህ ውስጥ» የሚለው የተሻለ ነው፤ ሆኖም «ዚህ» የሚያመለክተው ስም በቅርብ ከሌለ እርሱም ያሳስታል። ረጅም አንቀጽ ተጽፎ፣ በመካከሉ ስለ ሌላ ወጪ ተነግሮ፣ በመጨረሻው «ከዚህ ውስጥ 15 በመቶው» ሲባል አንባቢው ከየትኛው እንደሆነ ይገምታል እንጂ አያውቅም።

ዓረፍተ ነገሩ ሲያቅት ሠንጠረዡ ይረዳል። በአንድ ደረጃ ላይ ያሉ፣ አንድ መነሻ የሚጋሩ መቶኛዎች በሙሉ ሲደመሩ 100 መሆን አለባቸው። በዚያ ረቂቅ መጨረሻ ላይ በጀቱ በሦስት ተከፍሎ ነበር እንበል፦ ሥራ ማስኬጃ 40፣ ደመወዝ 35፣ ዕቃ ግዢ 25። እነዚህ ሦስቱ ብቻቸውን 100 ሞልተዋል። ስለዚህ 15 በመቶ የሚባል ሥልጠና በዚያ ደረጃ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ መሆን አለበት። በተቃራኒው ሠንጠረዡ ሥራ ማስኬጃ 40፣ ደመወዝ 30፣ ዕቃ ግዢ 15፣ ሥልጠና 15 ቢል ኖሮ፣ ሥልጠናው ከሥራ ማስኬጃው ጎን የቆመ ራሱን የቻለ ክፍል ይሆናል፤ 360,000 ያለው ባልደረባችንም ትክክል ይሆናል። በአጋጣሚ ሁለቱም ሊሞሉ እንደማይችሉ ልብ በሉ፤ ሦስቱ 100 ከሞሉ አራተኛውን ጨምሮ 115 ይሆናል፣ ያ ደግሞ የአንድ በጀት ክፍፍል ሊሆን አይችልም።

በእኛ ጉዳይ ጸሐፊውን ጠየቅነው፤ ሥልጠናው ከሥራ ማስኬጃው ውስጥ እንደሆነ ነገረን። ዓረፍተ ነገሩም በመጨረሻ እንዲህ ተስተካከለ፦ «ከጠቅላላው በጀት 40 በመቶው፣ ማለትም 960,000፣ ለሥራ ማስኬጃ ተመድቧል። ከሥራ ማስኬጃው ገንዘብ ውስጥ 15 በመቶው፣ ማለትም 144,000፣ ለሠራተኞች ሥልጠና ይውላል፤ ይህም ከጠቅላላው በጀት 6 በመቶ ነው።» ረዘመ፤ አላማረም ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዱ መቶኛ የመነሻውን ስም ይዞ ቆሟል፣ ገንዘቡም አጠገቡ አለ። እኔ በበኩሌ በበጀት ሰነድ ላይ ከውበት ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

አሁን መንገዱን ከኋላ ወደ ፊት እንሂድበት፤ በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጥመን ይኸኛው ነውና። አንድ ሪፖርት «ሥልጠና የጠቅላላው በጀት 6 በመቶ ነው፤ ሥራ ማስኬጃ 40 በመቶ ነው» ብቻ ይላል። ኃላፊው ደግሞ ሥልጠና ከሥራ ማስኬጃው ስንት በመቶውን እንደሚወስድ ይጠይቃል። ማባዛት የለመደ እጅ እዚህም 6ን በ40 አባዝቶ 2.4 በመቶ ይላል። ትክክለኛው ግን ማካፈል ነው፤ 6 ሲካፈል ለ40፣ 0.15፣ ማለትም 15 በመቶ። በካሬው ሥዕል ብናየው ከ40ዎቹ ጥቁር ቤቶች ስድስቱ የሥልጠና ናቸው፤ ከ40 ስድስት 15 በመቶ ነው። አቅጣጫውን ለመለየት የምጠቀምበት መፈተኛ አለኝ። ያው አንድ ገንዘብ በትንሽ መነሻ ሲለካ መቶኛው ከፍ ይላል፣ በትልቅ መነሻ ሲለካ ዝቅ ይላል። ከሙሉው በጀት ወደ ሥራ ማስኬጃው ስንገባ መነሻው ስለሚያንስ፣ መልሱ ከ6 መብለጥ አለበት። 2.4 ያገኘ ሰው በተሳሳተ አቅጣጫ እንደሄደ ከዚህ ያውቃል።

ቀጥሎ የማነሣው፣ «በ15 በመቶ ይቀነስ» የሚለው ትእዛዝ ነው። የበጀት ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «የሥራ ማስኬጃው ድርሻ በ15 በመቶ ይቀነስ» አለ እንበል። ይህም የመቶኛ መቶኛ ነው፤ ድርሻው ራሱ 40 በመቶ ነውና። ቃሉን እንዳለ ከወሰድነው፣ የሚቀነሰው የ40 አሥራ አምስት በመቶ፣ ማለትም ያው 6 ነው፤ ድርሻው ወደ 34 በመቶ ይወርዳል፣ ገንዘቡም ከ960,000 ወደ 816,000። ተናጋሪው ግን ከ40 ላይ 15 ቀንሶ 25 በመቶ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ሊል የሚገባው «በ15 የመቶኛ ነጥብ ይቀነስ» ነበር፤ ገንዘቡም ወደ 600,000 ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 216,000 ነው፤ ይህ ደግሞ ቀደም ሲል በ360,000 እና በ144,000 መካከል ያየነው ልዩነት ራሱ ነው። ያው የመነሻ ስሕተት ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ ማለት ነው። በስብሰባ ላይ ይህን ለመለየት «ከስንት ወደ ስንት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ተናጋሪው ሁለቱን ጫፎች ከጠራ የሚጠፋ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የማያስቡበት አንድ ነገር ልጨምር። የተቀነሰው 144,000 የት ይሄዳል? ወደ ሌላ ክፍል፣ ለምሳሌ ወደ ደመወዝ ከተዛወረ ጠቅላላው በጀት 2,400,000 እንደሆነ ይቆያል፤ አንድ በመቶ አሁንም 24,000 ነው፤ ሥራ ማስኬጃውም በእርግጥ 34 በመቶ ይሆናል። ገንዘቡ ከበጀቱ ከወጣ ግን ጠቅላላው 2,256,000 ይሆናል፣ አንድ በመቶውም 22,560። 816,000ን በዚህ አዲስ መለኪያ ስንለካው 36.17 በመቶ ገደማ እናገኛለን። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቅነሳ፣ አንድ ዓይነት ገንዘብ፣ በአንዱ ሰነድ 34 በሌላው 36.17 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፣ ሁለቱም ሳይዋሹ። የመጀመሪያው መነሻውን አልነካም፤ የሁለተኛው መነሻ አብሮ ተቀንሷል። በሚቀጥለው ዓመት የተቀነሰውን ለመመለስ «በ15 በመቶ ይጨመር» ቢባልም አይደርስም፤ የ816,000 አሥራ አምስት በመቶ 122,400 ብቻ ነው። ወደ 960,000 ለመመለስ 17.65 በመቶ ገደማ ይፈልጋል፤ ጭማሪው የሚለካው ባነሰው መነሻ ነውና።

የመጨረሻው ትልቅ ጉዳይ መደመር ነው። ሥልጠና በሥራ ማስኬጃው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በቀረው 60 በመቶ ውስጥም አለ እንበል፤ ከሥራ ማስኬጃው 15 በመቶውን፣ ከቀረው 10 በመቶውን ይወስዳል። በጠቅላላው ስንት በመቶ ነው? 25 የሚለው መልስ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎችን መደመር ስለሆነ ትርጉም የለውም። ጠንቃቃ የሆነ ሰው አማካዩን ወስዶ 12.5 ይላል፤ ይህ እውነት ስለሚመስል ይበልጥ አደገኛ ነው። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም ወደ አንድ መነሻ አምጥቶ መደመር ነው። የ40 አሥራ አምስት በመቶ 6 ነው፤ የ60 አሥር በመቶም 6 ነው፤ አንድ ላይ 12 በመቶ። በገንዘብ ብናየው 144,000 እና 144,000፣ 288,000 ነው። አማካዩ የሳተው ሁለቱን ክፍሎች እኩል አድርጎ ስለቆጠረ ነው፤ 12.5 ትክክል የሚሆነው ክፍሎቹ 50 እና 50 ቢሆኑ ብቻ ነበር። ትልቁ ክፍል የያዘው አነስተኛው መቶኛ ስለሆነ፣ እውነተኛው መልስ ወደ 10 ቀረብ ብሏል።

ስለ ማጠጋጋት በአጭሩ። ከሥልጠናው ገንዘብ 20 በመቶው ለመጻሕፍት ነው ከተባለ፣ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደርሰናል፤ የ6 ሃያ በመቶ 1.2 በመቶ ነው። ሠንጠረዡ ነጥብ የሌላቸውን ቁጥሮች ብቻ የሚያትም ከሆነ ይህ 1 በመቶ ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ሠንጠረዥ ገንዘቡን መልሶ የሚያሰላ ሰው 24,000 ያገኛል፤ እውነተኛው ግን 28,800 ነው። አንድ ስድስተኛው በማጠጋጋት ብቻ ጠፋ። ደረጃው በበዛ ቁጥር መቶኛው ስለሚያንስ፣ ያው ማጠጋጋት የሚበላው ድርሻ እያደገ ይሄዳል። ስለዚህ ማጠጋጋት የሚገባው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው።

በኤክሴል የምትሠሩ ሰዎች በጀቱን B1 ላይ አስቀምጣችሁ እንዲህ ብትጽፉ 144,000 ይሰጣችኋል፦

```
=B1*40%*15%
```

የመቶኛ ምልክቱን ረስታችሁ 15 ብቻ ብትጽፉ ውጤቱ መቶ እጥፍ ይሆናል፤ ከጠቅላላው በጀት የሚበልጥ ስለሚወጣ ይህን ወዲያው ታዩታላችሁ። በኪስ ማስሊያ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ቀላል ማስሊያዎች 40 ደምር 15 ብላችሁ የመቶኛውን ቁልፍ ስትጫኑ 46 ያሳያሉ፤ የ40ን አሥራ አምስት በመቶ አውጥተው በ40 ላይ ይደምሩታልና። ኤክሴል =40+15% ተብሎ ሲጻፍለት 40.15 ይላል፤ እርሱ 15%ን 0.15 ብቻ አድርጎ ያነባል። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ምልክት ላይ እንኳ መነሻውን በተለያየ መንገድ ይመርጣሉ።

በቃል በቀረበው ንግግር መጨረሻ ላይ አንዲት ተሳታፊ ያነሡትን ጥያቄ እዚህ ላካትት። «የ40 በመቶ 15 በመቶና የ15 በመቶ 40 በመቶ እኩል ከሆኑ፣ የቱ ቀድሞ ቢጻፍ ምን ለውጥ አለው?» አሉ። ቁጥሩ በእርግጥ እኩል ነው፤ የ2,400,000 አሥራ አምስት በመቶ 360,000፣ የዚያ 40 በመቶ 144,000 ነው። የተነገረው ነገር ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሥራ ማስኬጃ የበጀቱን 40 በመቶ ይወስዳል፣ ከእርሱ ውስጥ 15 በመቶው ለሥልጠና ነው። በሁለተኛው ደግሞ ሥልጠና ራሱ የበጀቱ 15 በመቶ ሆኖ፣ ከእርሱ ውስጥ 40 በመቶው ለአንድ ነገር፣ ለምሳሌ ለአሠልጣኞች ክፍያ ይውላል። ዛሬ ሁለቱም 144,000 ይላሉ። በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ ሳይለወጥ የሥራ ማስኬጃው ድርሻ ወደ 50 በመቶ ከፍ ቢል፣ በመጀመሪያው ሰነድ የሥልጠናው ገንዘብ 180,000 ይሆናል፤ በሁለተኛው ሰነድ የአሠልጣኞቹ ክፍያ 144,000 እንደሆነ ይቀራል።